ከፊል ክፍያ ሲኖር የዘገየውን ወለድ እንዴት ልጻፈው?

ሰላም፣ ካዛንቺስ ላለ አንድ ሆቴል የጽዳት ዕቃ አቀርባለሁ። ውላችን ኢንቮይስ በደረሳቸው በ30 ቀን እንዲከፍሉ፣ ከ31ኛው ቀን ጀምሮ ደግሞ ባልተከፈለው ላይ በዓመት 10 በመቶ ወለድ እንዲታሰብ ይላል። ወለድ በወለድ ላይ አይታሰብም።

ዕዳው 182,500 ብር ስለሆነ ወለዱ በቀን ልክ 50 ብር ነው። በዘገዩ በ20ኛው ቀን 73,000 ብር በባንክ አስገቡ፤ ለዋናው ዕዳ ይሁን ለወለዱ አልጻፉም። ከዚያ ወዲህ 26 ቀን አለፈ።

የተከፈለውን ከዋናው ዕዳ ብቻ ብቀንስ 109,500 ይቀራል፤ ወለዱ 1,000 እና 780፣ ጠቅላላው 111,280 ብር ይሆናል። መጀመሪያ 1,000 ብር ወለዱን ሸፍኜ ትርፉን ከዋናው ብቀንስ ግን 110,500 ይቀርና ጠቅላላው 111,287.12 ይመጣል። ልዩነቱ 7 ብር ቢሆንም፣ ስሌቱ ካልገባው የሆቴሉ የሒሳብ ክፍል የምልክለትን የክፍያ መጠየቂያ ደብዳቤ መልሶ ክፍያውን እንዳያዘገይብኝ እሰጋለሁ።

ውሉ ስለ ከፊል ክፍያ ቅደም ተከተል ምንም አይልም። እንዲህ ሲሆን የቱ ስሌት ነው በሕግ የሚጸናው? ደብዳቤው ላይ ዋናውንና ወለዱን ለየብቻ፣ ከቀኖቹ ጋር አስፍሬያለሁ፤ የተፈረመበትን የዕቃ መረከቢያም አያይዣለሁ። የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።