ናሙናው አምሮ መጣ፤ 500 ካናቴራ ልዘዝ?

ጀማሪዋ፦ ካናቴራ በጅምላ ገዝቼ መሸጥ ልጀምር ነው። አምራቹ ከ500 በታች አልቀበልም ብሎኛል። ለአንድ ናሙና የመደበኛውን ዋጋ ሦስት እጥፍ አስከፍሎኝ ነበር፤ ናሙናው ግን በጣም አምሮ መጣ። አራት ቀለም እፈልጋለሁ። 30 በመቶ ቀብድ ልክፈል ወይስ የቀረኝ ማጣሪያ አለ?

ቆጣቢ፦ ሦስት እጥፍ? ከምርቱ የሚተማመን ሰው ናሙና በነጻ ይሰጣል። ሌላ ፈልጊ።

ባለመቀሱ፦ አልስማማም። ለአንድ ካናቴራ ብሎ ጨርቅ መቁረጥና ሥራ ማቋረጥ ወጪ አለው። ይልቅ ትእዛዙ ሲጸና የናሙናው ገንዘብ ከሒሳቡ ይቀነስልሽ እንደሆነ ጠይቂው።

እህቴ፣ 500 ያለሽ በጠቅላላው ነው ወይስ ለእያንዳንዱ ቀለም? በጽሑፍ ይመልስልሽ። ጨርቅ በአንድ ጊዜ በብዛት ስለሚነከር ገደቡ ብዙውን ጊዜ በቀለም ነው፤ እንዲያ ከሆነ 2000 ካናቴራ ልትታቀፊ ነው። ተነክሮ የተቀመጠ ጨርቅ ካለው ግን ቁጥሩን ሊቀንስልሽ ይችላል።

በናሙናው ውበት አትታለዪ፤ ናሙና የሚሰፋው በጎበዝ ሰፊ፣ ያለ ጥድፊያ ነው። እኔን የጎዳኝ ጨርቁ ነበር። በካሬ ሜትር 180 ግራም የተባለው በጅምላው 150 ሆኖ መጣ። በእጄ ስዳስሰው አልታወቀኝም፤ ታጥቦ ሲሰጣ ነው ብርሃን ያሳለፈው። አሁን 10 በ10 ሴንቲሜትር ቆርጬ እመዝናለሁ፤ 180 የተባለው 1.8 ግራም መምጣት አለበት። ስለዚህ ሁለት ተመሳሳይ ናሙና ያዢ። አንዱን አጥበሽ ለክተሽ ቁረጪው፣ ሌላውን ሳትነኪው ለማነጻጸሪያ አስቀምጪ። ዕቃው ተሰፍቶ ሲያልቅ፣ ቀሪውን 70 በመቶ ሳትከፍዪ፣ ከተለያዩ ካርቶኖች 50 ያህል ይውጣና ካስቀመጥሽው ናሙና ጋር ይተያይ። የሚያወጣው ግን አምራቹ ሳይሆን አንቺ የላክሽው ሰው ይሁን።

የጫማ ሰው፦ እኔ ጫማ ሳዝዝ የከሰርኩት በቁጥር ነው። መካከለኞቹ በወር አለቁ፣ ትልልቆቹ እስካሁን መጋዘን ውስጥ አሉ። የካናቴራውንም የመጠን ድርሻ አስቢበት።

ጀማሪዋ፦ ጠየቅሁት፤ ለእያንዳንዱ ቀለም ነው አለ! ጥቁርና ነጭ ብቻ ከሆነ ግን ተነክሮ የተቀመጠ ጨርቅ ስላለው 100፣ 100 ሊሰፋልኝ ይችላል፤ ዋጋው 20 በመቶ ይጨምራል።

ባለመቀሱ፦ ውሰጂው። 200ው ከነጭማሪው የ240 ካናቴራ ዋጋ ነው፤ በቀድሞው ገደብ ሁለቱን ቀለም ብታዢ የ1000 ካናቴራ ትከፍያለሽ።

ቆጣቢ፦ ጭማሪው ግን ከትርፏ ነው የሚወጣው። የማጓጓዣውም በአንዱ ሲካፈል ይከብዳል።

ባለመቀሱ፦ እሱ እውነት ነው፤ የመሸጫ ዋጋዋን ሳናውቅ ልንፈርድ አንችልም።

ጀማሪዋ፦ ናሙናውን ቆርጬ መዘንሁት፤ ሚዛኔ ድፍን 2 ግራም ይላል።

ባለመቀሱ፦ ሚዛንሽ ነጥብ ስለማያነብብ ነው። 1.6ም ቢሆን 2 ይልሻል። ወርቅ የሚመዝን ሰው ፈልጊ።