ላስት ኔም ላይ የማንን ስም ልጻፍ? የአባቴን ወይስ የአያቴን?

አዲስ ገቢ

ሰላም ለሁላችሁም። በዲቪ ከመጣን ሁለተኛ ወራችን ነው። ግሪን ካርዱም የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱም ደርሶናል። ሥራም አግኝቻለሁ። አሁን የቸገረኝ ፎርም ነው።

ለምሳሌ ስሜን ሄለን ታደሰ ወልዴ እንበለው። አገር ቤት ሁሉም ሰው ሄለን ታደሰ ነው የሚለኝ። ወልዴ አያቴ ናቸው፤ በሕይወትም አላገኘኋቸውም። ባንክ አካውንት ስከፍት ፈርስት ኔምና ላስት ኔም ብቻ ስለነበር ሄለን ታደሰ ብዬ ሞላሁ። የሥራው ፎርም ግን ሦስት ሳጥን አለው። ግሪን ካርዴ ላይ ደግሞ ወልዴ ሰርኔም፣ ሄለን ታደሰ ጊቨን ኔም ተብሎ ነው የተጻፈው። የትኛውን ልከተል? የባለቤቴም የልጄም ካርድ የተለያየ ላስት ኔም ነው ያለው። ሁለተኛ ልጃችንም በመንገድ ላይ ነው። እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ።

ሰባት ዓመቴ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ብዙ አትጨነቂ። ላስት ኔም ማለት የአባት ስም ነው። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ የአባቴን ስም ነው የምጽፈው፤ አንድም ቀን ችግር ገጥሞኝ አያውቅም። አያትሽን ሚድል ኔም ላይ አስገቢያቸውና ጨርሺ።

የታክስ ወቅት

ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ይሄን ምክር እንዳትሰማህ ፈራሁ። ታክስ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በየካቲትና በመጋቢት ከሚያስለቅሱኝ ነገሮች አንዱ ይሄው ነው።

እህቴ፣ ጥያቄው "ላስት ኔም በእኛ ባህል ማን ነው?" አይደለም። በእኛ ባህል ላስት ኔም የለም። ጥያቄው "ካርዴን የሠራው መሥሪያ ቤት ማንን ላስት ኔም አድርጎ መዘገበ?" ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የአያትን ስም ሰርኔም ላይ ያደርጋል። ቪዛው ያንን ይቀዳል፣ ግሪን ካርዱ ቪዛውን ይቀዳል፣ ሶሻል ሴኩሪቲም እንዲሁ። ስለዚህ አንቺ ሳትመርጪ ተመርጦልሻል።

እርግጠኛ ለመሆን ግሪን ካርድሽን ገልብጪው። ከኋላ በኩል ከታች ሦስት መስመር ጽሑፍ አለ። ሦስተኛው እንዲህ ይመስላል፦

```
WOLDE<<HELEN<TADESSE<<<<<<<<<<
```

ድርብ ምልክቱን ፈልጊ። ከእሱ በፊት ያለው ላስት ኔም ነው። ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ጊቨን ኔም ነው። የሶሻል ካርድሽንም እዪው። ስሙ በሁለት መስመር ነው የሚታተመው። ላይኛው ላይ ሄለን ታደሰ፣ ታችኛው ላይ ወልዴ ካለ፣ አለቀ። የሥራው ፎርም ላይ ፈርስት ሄለን፣ ሚድል ታደሰ፣ ላስት ወልዴ። ሁለት ሳጥን ብቻ ካለ ሄለን ወልዴ።

አውቃለሁ፣ "ሄለን ወልዴ" ሲባል ሌላ ሰው ይመስልሻል። እኔም መጀመሪያ ስሜ ሲጠራ አላውቀውም ነበር።

ሰባት ዓመቴ

ታዲያ እኔ ለምን ችግር አልገጠመኝም?

የታክስ ወቅት

ግሪን ካርድህን እስቲ ገልብጠው።

ሰባት ዓመቴ

አየሁት። የአባቴ ስም ነው ከድርብ ምልክቱ በፊት ያለው። እኔ በስደተኛ መዝገብ ነው የመጣሁት፤ መጀመሪያ ስመዘገብ ስሜንና የአባቴን ብቻ ነው የጠየቁኝ። አያቴ የትም ቦታ የሉም። እሺ፣ ገባኝ። ለእኔ ልክ የሆነው ለእሷ ልክ አይደለም ማለት ነው። እህቴ፣ የጻፍኩትን ተይው።

ቦርሳዬ

እኔም ተመሳሳይ ጭንቀት አለብኝ። ለገና አገር ቤት ልሄድ ትኬት ቆረጥኩ። ትኬቱ ላይ ስሜና የአባቴ ስም ያለ ክፍተት ተጣብቀው ነው የተጻፉት። አንድ ስም ሆነው ማለት ነው! ስልክ ደውዬ ለማስቀየር አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። ይመልሱኝ ይሆን?

የታክስ ወቅት

አይመልሱሽም። የትኬት ሲስተሙ ፈርስትና ሚድልን ራሱ ነው የሚያጣብቀው። ላስት ኔሙ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ከሆነና ፊደሎቹ ካልተሳሳቱ በቂ ነው። ወደ ሄለን ጉዳይ ልመለስ።

የላስት ኔም ሳጥን ለምን እንደሚያሳስበኝ በአንድ ሰው ታሪክ ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም። ካርዱ ልክ እንደ ሄለን ነው፤ ላስት ኔሙ አያቱ ናቸው። ሥራ ሲቀጠር ግን ላስት ኔም ላይ አባቱን ጻፈ። ዓመቱን ሙሉ ደመወዙ በዚያ ስም ተከፈለው፤ ምንም የነገረው የለም። በጥር የዓመቱን ደመወዝ የሚያሳየው የአሠሪው ወረቀት፣ W-2፣ መጣለት። ራሱ ኢንተርኔት ላይ ታክሱን ሞላ፤ ስሙን ከ W-2 ገለበጠ። ላከው፣ ተመለሰ። ደግሞ ላከው፣ ደግሞ ተመለሰ። የሶሻል ቁጥሩን የተሳሳተ መስሎት አሥር ጊዜ አየው። ቁጥሩ ልክ ነበር።

የተበላሸው አራት ፊደል ነው። የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይ አር ኤስ የሰውን ማንነት የሚያረጋግጠው በሶሻል ቁጥሩና በላስት ኔሙ የመጀመሪያ አራት ፊደላት ነው። በሄለን ምሳሌ፣ እነሱ ጋ ያለው `WOLD` ነው። `TADE` ብሎ የመጣን ሰው አያውቁትም። ፈርስት ኔምና ሚድል ኔም እዚህ ላይ ቦታ የላቸውም።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ታክሱ ላይ የሶሻል ካርዱን ስም ጻፍን፣ በዚያው ቀን ተቀበሉት። ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነበር። አሠሪው ደመወዙን ለሶሻል ሴኩሪቲ ያሳወቀው በማይገጥም ስም ነው። ስምና ቁጥር ካልገጠሙ ያ ገቢ በሰውየው መዝገብ ላይ ላይገባ ይችላል። የጡረታ ሂሳብ የሚሠራው ደግሞ ከዚያ መዝገብ ነው። ssa.gov ላይ አካውንት ከፍቶ ሲያይ የዚያ ዓመት ገቢ ባዶ ሆኖ ተገኘ። አሠሪው W-2c የሚባለውን ማስተካከያ እስኪልክለት ብዙ ተመላለሰ። ሄለን፣ ከመጀመሪያ ደመወዝሽ በፊት መጠየቅሽ እድለኛ ነሽ።

ሚድል ኔምን በተመለከተ አትጨናነቁ። ሶሻል ሴኩሪቲ ሚድል ኔምን የሕጋዊ ስም አካል አድርጎ አይቆጥርም። አባትሽ ሚድል ላይ ቢኖሩም፣ በአንድ ፊደል ብቻ ቢጻፉም፣ ቢዘለሉም አይገርምም። የማይነካው ላስት ኔም ነው።

የሃይለ ልጅ

እኔ ደግሞ ሁለት ቃል ያለው ስም ነው ያሰቃየኝ። አያቴ ገብረ መድኅን ናቸው። ፓስፖርቱ ላይ በክፍተት ተጻፈ። አንዱ መሥሪያ ቤት ገብረን ሚድል አደረገው፣ መድኅንን ላስት። መንጃ ፈቃዴ ላይ መድኅን ብቻ ነኝ። የአባቴ ስም ጠፋ!

የታክስ ወቅት

ይሄ በጣም የተለመደ ነው። አሁንም ድርብ ምልክቱን እይ። `GEBRE<MEDHIN<<` ካለ ሁለቱም ቃል ላስት ኔም ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ነጠላ ምልክት ክፍተት ብቻ ነው። መንጃ ፈቃዱን ግሪን ካርድህን ይዘህ ሄደህ ማስተካከል ትችላለህ። አገር ቤት ፓስፖርት የሚያወጣ ዘመድ ካላችሁ፣ ገብረመድኅን፣ ኃይለማርያም፣ ወልደጊዮርጊስ እያለ አጣብቆ ያስጽፍ። አንድ ክፍተት ስንት ጣጣ እንደሚያመጣ ያየ ያውቀዋል።

የሦስት ልጆች አባት

ስለ ልጆቹ ማንም አልመለሰላትም። እኔ ልናገር። የባልሽ ስም ዳዊት መኮንን አየለ ነው እንበል፤ የልጅሽ ናሆም ዳዊት መኮንን። ካርዳችሁ ላይ አንቺ ወልዴ፣ እሱ አየለ፣ ልጁ መኮንን ሆናችሁ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ላስት ኔም። ትምህርት ቤት "እርስዎ እናቱ ነዎት?" ይሉሻል። የልደት ወረቀቱን ከነትርጉሙ ሁሌ ይዘሽ ሂጂ፤ በተለይ ድንበር ስትሻገሪ።

እዚህ ለሚወለደው ግን ምርጫው የእናንተ ነው። ሆስፒታል ወረቀት ያመጡልሻል፤ የምትጽፊው ነው የሚሆነው። እኔ እዚህ ለተወለዱት የእኔን ላስት ኔም ሰጠሁ። እዚህ አገር ቤተሰብ በአንድ ስም ሲጠራ ይቀላል።

የልጆች አክስት

ጋሼ፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። በእርስዎ መንገድ ህፃኑ "እከሌ አየለ" ይሆናል። አየለ ቅድመ አያቱ ናቸው! አባቱ ከስሙ ውስጥ ጠፋ ማለት ነው። ለምን ፈርስት የራሱ፣ ሚድል ዳዊት፣ ላስት መኮንን አይሆንም? ከወንድሙ ከናሆም ጋር ላስት ኔሙ አንድ ይሆናል። በእኛም ሥርዓት ራሱ፣ አባቱ፣ አያቱ ሆነው በትክክል ይነበባል። ሁለቱም ዓለም አይጎዳም።

የሦስት ልጆች አባት

ያልሽው ለልጆቹ ጥሩ ነው። አባትየው ግን ከልጆቹ ሁሉ የተለየ ሆኖ ይቀራል። እነሱ ደግሞ ሲወልዱ ምን ሊያደርጉ ነው? መኮንንን ካስቀጠሉ ከእንግዲህ የቤተሰብ ስም ሆነ ማለት ነው፤ የእኛ ሥርዓት እዚያ ላይ ያልቃል።

የልጆች አክስት

እሱን እነሱ ይወስኑ።

የታክስ ወቅት

አንድ ነገር ልጨምር። ዳዊት አንድ ላይ መሆን ከፈለገ ሌላ መንገድ አለው። ለዜግነት ሲያመለክት N-400 ላይ "ስም መቀየር ትፈልጋለህ?" የሚል ጥያቄ አለ። አዎ ካለ ለብቻው ክስ መክፈት ሳያስፈልገው ስሙ በዳኛ ፊት ከመሐላው ጋር ይቀየራል። ዳዊት አየለ መኮንን ቢሆን ከልጆቹ ጋር አንድ ነው። ግን ቀጠሮው የፍርድ ቤት መሐላ መሆን ስላለበት በአንዳንድ ቦታ ይዘገያል። የልጆቹ ስም ደግሞ በእሱ ማመልከቻ አይቀየርም፤ ለእነሱ የስቴት ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ነው። ስለዚህ መቀየር ካለበት አባትየው ቢቀይር ይቀላል።

ከተቀየረ በኋላ የመጀመሪያው ጣቢያ ሶሻል ሴኩሪቲ ነው። SS-5 ትሞላላችሁ፤ ክፍያ የለውም። ከዚያ መንጃ ፈቃድ፣ ከዚያ ባንክና አሠሪ። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁት ሁሉም ቦታ ሌላ ወረቀት ይጠይቋችኋል።

አዲስ ገቢ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሥራውን ፎርም ሄለን፣ ታደሰ፣ ወልዴ ብዬ ዛሬ አስገባሁ። ባንኩ ነገ ነው፤ ግሪን ካርዴን ይዤ ሄጄ ላስተካክል።

የህፃኑን ነገር ለዳዊት አነበብኩለት። የአክስትየዋን ሐሳብ ወደደው። ከዚያ አባቱ ጋ ደወለ። አባቱ ደግሞ "የእኔ ስም ላስት ኔም ከሆነ የአንተ የት ነው የሚገባው?" ብለው ጠየቁት። "መሀል ላይ" ቢላቸው፣ "መሀል ላይ ያለውንማ ይዘሉታል አላልከኝም?" አሉት። እኔም እሱም ለዚህ መልስ አላገኘንም። የመውለጃዬ ቀን ሦስት ወር ይቀረዋል። እዚህ የወለዳችሁ ሌሎች እናቶች ካላችሁ፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ?