ጥቆማ፦ ኮመንት ሲመጣ ወዲያው የሚያሳውቅ ምን ልጠቀም?

ሄለን፦ የአንድ ድርጅት የፌስቡክ ፔጅ እይዛለሁ። ቅሬታ ሲጻፍ ሰዓታት አልፎ ነው የማየው። በዌብሁክ ወደ ቴሌግራም ግሩፓችን እንዲገባ እፈልጋለሁ። ከአውቶሜሽን መሣሪያዎቹ የቱ ይሻለኛል፦ ዛፒየር፣ ሜክ ወይስ n8n?

ናቲ፦ ዛፒየር ያዢና ተገላገይ። ሊንኩን ኮፒ አድርገሽ ሜታ ላይ መለጠፍ ነው፤ አለቀ።

ቢኒ፦ ናቲ፣ ለብዙ ነገር ልክ ነህ፤ እዚህ ጋ ግን አያልቅም። ሜታ ሊንኩን ከመቀበሉ በፊት `hub.challenge` ብሎ አንድ ቁጥር ይልካል። ያንኑ ቁጥር እንዳለ ካልመለስሽለት አይቀበልሽም። ዛፒየር ደግሞ የሚመልሰው የራሱን ቋሚ መልስ ነው። ሜክና n8n ላይ መልሱን ራስሽ ትወስኛለሽ። ሰርቨር መያዝ ካልከበደሽ n8n፣ ከከበደሽ ሜክ።

ሄለን፦ n8n ጫንኩ፣ ማረጋገጫውም አለፈ። ግን አንዳንዱ ኮመንት ሁለት ሦስቴ ይገባል። እኛ የመለስነውም እንደ አዲስ ይመጣል። ላይክ እንኳን ይጮኻል!

ቢኒ፦ መደጋገሙ የሚመጣው ሜታ በጊዜ 200 የሚል መልስ ሲያጣ ነው። "አልደረሰም" ብሎ እንደገና ይልካል። ምናልባት ያንቺ መልስ የሚሄደው ቴሌግራም ከተላከ በኋላ ነው። ማረጋገጫውን በ`GET` ለብቻው አድርጊው። ኮመንቱ በሚመጣበት `POST` ላይ ግን `Respond` የሚለውን `Immediately` በይው። ያም ሆኖ አልፎ አልፎ መደገሙ ስለማይቀር `comment_id`ን መዝግቢና ያየሽውን እለፊ።

ለሌላው ጫጫታ ይቺን ማጣሪያ አስገቢ፦

```
item == "comment" && verb == "add" && from.id != PAGE_ID
```

የመጨረሻዋ የራሳችሁን መልስ ታስቀራለች።

ትግስት፦ እኔስ? ሰዎች በየገጻቸው የሱቃችንን ስም ሲያነሱ ማወቅ ነው የምፈልገው። ይሄው ይሠራል አይደል?

ቢኒ፦ አይሠራም። ታግ ካላደረጉሽ ሜታ ምንም አይልክልሽም። ዌብሁክ ላኪው የነገረሽን ብቻ ነው የሚያመጣው።

ናቲ፦ ጉግል አለርትስ ላይ ስማችሁን አስገቢና በአርኤስኤስ አውጪው። n8n በየተወሰነ ደቂቃ ያነብልሻል። ስሙ በ"ሰ"ም በ"ሠ"ም የሚጻፍ ከሆነ ሁለቱንም አስገቢ።

ቢኒ፦ ለዜናና ለብሎግ ይሆናል። የሰው ፌስቡክ ውስጥ ያለውን ግን ብዙም አያይልሽም።

ትግስት፦ ታዲያ እኔ የምፈልገው እሱን አይደል እንዴ!

ሄለን፦ ቢኒ፣ ማጣሪያው ሠራ፣ ተባረክ። አሁን ግን የባልደረቦቼ ኮመንት ይገባል፤ የደንበኞች ጭራሽ የለም።

ቢኒ፦ ሜታ ላይ የከፈትሽው አፕ `Development` ላይ ነው ማለት ነው። በዚያ ሁኔታ የሚመጣልሽ አፑ ላይ ሚና ያላቸው ሰዎች የጻፉት ብቻ ነው። ወደ `Live` ቀይሪው። ፈቃዶቹንም እይ፤ ሜታ ግምገማ ሊጠይቅሽ ይችላል።

ናቲ፦ እሱ ግምገማ ነው እኔን ያማረረኝ። ለዚህ እኮ ነው ዛፒየር ያልኩት።

ቢኒ፦ ዛፒየርም ቢሆን በራስሽ አፕ ከሄድሽ ከግምገማው አያስመልጥሽም።