በቻት ስክሪንሾት ላይ ስምና ስልክ ቁጥር ለመሸፈን ብለር ይበቃል?

ሰናይት፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ግሩፕ ቻት ስክሪንሾት ለሌሎች ማሳየት አለብኝ፤ የሦስት ሰዎች ስምና ስልክ ቁጥር አለበት። ቀለል ያለ ብለር አድርጌበት በዓይን አይነበብም። አንድ ሰው ግን «ብለር ይመለሳል፣ በጥቁር ሸፍኚው» አለኝ። እውነት ነው? ከሆነስ ለምን?

ዳዊት፦ እውነት ነው፤ ስክሪንሾት ላይ ደግሞ ይብሳል። ብለር ጽሑፉን አያጠፋውም፣ የእያንዳንዱን ፒክስል ቀለም ከጎረቤቶቹ ጋር ያቀላቅለዋል እንጂ። ማንበብ የፈለገ ሰው ብለሩን ማንሳት እንኳ አያስፈልገውም፤ ገምቶ ማወዳደር ይበቃዋል። የቻቱን ፎንትና የፊደሉን መጠን ካልሸፈንሽው ጽሑፍ ላይ ያገኘዋል። 0 ብሎ ይጽፍና ያንኑ ያህል ብለር አድርጎ ካንቺ ምስል ጋር ያስተያየዋል። ከዚያ 1፣ ከዚያ 2 እያለ ይቀጥላል። በጣም የተቀራረበው መልሱ ነው።

ባለ 10 አሃዝ ስልክ ቁጥር ውሰጂ። የመጀመሪያዎቹ 2 ቢታወቁ 8 ይቀራሉ፤ በጭፍን ከተገመተ 100 ሚሊዮን አማራጭ ነው። ብለሩ ቀላል ሲሆን ግን የአንዱ አሃዝ ቀለም የሚፈሰው እስከ አጠገቡ ድረስ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱን ቦታ ለየብቻ መሞከር ይቻላል። 8 ቦታ በ10 አሃዝ 80 ሙከራ ነው። አጠገቡ ያለው አሃዝ ካደናገረው ሁለት ሁለቱን አጣምሮ ይሞክራል፤ ያኔም ከ1,000 አያልፍም። ስም ከዚህም ሊቀል ይችላል፤ የግሩፑን አባላት የሚያውቅ ሰው የሚያወዳድረው ያንኑ ዝርዝር ብቻ ነው።

ድፍን ሳጥን ከሆነ ግን ከሥሩ 0 ይኑር 7፣ የሚቀረው አንድ ዓይነት ጥቁር ነው። ግምቱ ሁሉ አንድ ውጤት ከሰጠ የሚወዳደር ነገር የለም።

ብሩክ፦ ብለሩን ተይውና በካሬ በካሬ የሚያደርገውን ሞዛይክ ተጠቀሚ፣ እሱ አይመለስም። በJPEG ስታስቀምጪው ደግሞ ጥራቱ ስለሚወርድ ጭራሽ ይጠፋል።

ሄለን፦ ብሩክ፣ ሞዛይክም በዚያው መንገድ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው Unredacter የተባለ ፕሮግራም የሠራው ይህንኑ ነው፤ ፊደል በፊደል ገምቶ ካሬዎቹን ያመሳስላል። የጥራት መውረድ ንጽጽሩን ያስቸግረዋል እንጂ አያስቆመውም። አንድ ካሬ ሙሉ ቁጥሩን የሚውጥ ከሆነ አባባልህ ወደ እውነት ይጠጋል፤ ግን ያን ያህል ከተሸፈነ ለምን በጥቁር አይሸፈንም?

ታደሰ፦ እኔ ጋ ሲነሳ የደበዘዘ የቤተሰብ ፎቶ አለ። በዚህ ዘዴ ፊቱን ማጥራት እችላለሁ?

ዳዊት፦ አይሆንም ወንድም ታደሰ። ይህ የሚሠራው አማራጩ ጥቂት ሲሆንና ፎንቱ ሲታወቅ ነው፤ ፊት እንደ አሃዝ አሥር ዓይነት ብቻ አይደለም።

ሄለን፦ ሰናይት፣ አሠራሩ ላይ ደግሞ ሰው የሚሳሳተው ብሩሹ ላይ ነው። ማድመቂያ እስክሪብቶ ጥቁር ቢመስልም ብርሃን አሳላፊ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደጋገምበትም ከሥሩ ጥላ ይቀራል። ስለዚህ በእስክሪብቶ አትሞነጫጭሪ፤ ከቅርጾቹ ውስጥ ሬክታንግል መርጠሽ ውስጡን በጥቁር ሙዪ፣ ኦፓሲቲውን 100 አድርጊ። ከጽሑፉ በአራቱም በኩል ትንሽ ይትረፍ።

ካስቀመጥሽ በኋላ ምስሉን እንደገና ከፍተሽ ብራይትነሱንና ሻዶውን እስከ መጨረሻ አውጪው። ሳጥኑ ውስጥ ፊደል የሚመስል ነገር ብቅ ካለ አልተሸፈነም ማለት ነው።

አንዳንድ አፖች ዋናውን ምስል ከእርማቱ ጋር አብረው ይይዛሉ። ስለዚህ የተሸፈነውን በሙሉ ስክሪን ከፍተሽ እንደገና ስክሪንሾት አንሺው፤ የምትልኪው ያንን ሁለተኛውን ነው። መቁረጥን ብቻ አትመኚ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በጉግል ፒክስል ስልኮችና በዊንዶውስ 11 የስክሪንሾት መቁረጫዎች ላይ የተቆረጠው ክፍል ፋይሉ ውስጥ እየቀረ መገኘቱ ይታወሳል፤ በኋላ ተስተካክሏል።

በኮምፒውተር ለምትሠሩ ImageMagick የተባለው የምስል ፕሮግራም ካላችሁ ይህን ትእዛዝ ተጠቀሙ፦

```
magick chat.png -fill black -draw "rectangle 40,120 380,165" -strip out.png
```

ቁጥሮቹ የሳጥኑ የላይኛው ግራና የታችኛው ቀኝ ማዕዘን ናቸው፤ በራሳችሁ ምስል ለክታችሁ ተኩ።

ሰናይት፦ እናመሰግናለን። ሳጥኑን በስሙ ልክ ላድርገው ወይስ ሁሉንም እኩል?

ዳዊት፦ ሁሉንም እኩል። ልክ በልክ ከሆነ ርዝመቱ ራሱ ይናገራል፤ አጭር ስም ያለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ማን እንደሆነ ታወቀ። በሪፕላይ ውስጥ የተጠቀሰውን ስም፣ የፕሮፋይል ፎቶውንና ከላይ የወረደ ኖቲፊኬሽን ካለም ሸፍኚ።

ሄለን፦ እኔ ስሙን ጭራሽ ቆርጬ «ሀ»፣ «ለ» ብዬ ንግግሩን በጽሑፍ ብጽፈው እመርጣለሁ።

ዳዊት፦ እንደዚያ ሲሆን ግን ተቀባዩ ንግግሩ በእርግጥ መባሉን ማየት አይችልም። ማስረጃነቱ ከተፈለገ ምስሉ ይሻላል።