«ከላይ ያለውን ፋይል» ቢሉኝ፣ ከላይ ምንም የለም

ቤዛ፦ እስቲ ፍረዱኝ። ትናንት «ከላይ ባለው ፋይል ገጽ 4 ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አስተካክላችሁ እስከ ማታ መልሱ» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ከላይም ከታችም ፋይል የለም። የተላከው ለአምስት ሰው ነው፤ ሁለታችን የተጨመርነው በዚያው መልእክት ነው። ጥፋቱ የላኪው ነው ወይስ ቶሎ ያልጠየቅነው የኛ?

ሄኖክ፦ የናንተ ነዋ። ወደ ታች ብትወርጂ የቀደመው ሁሉ ተንጠልጥሎ ታገኚው ነበር። ሰው ሳያነብ «አልደረሰኝም» ማለት ይወዳል።

ምሕረት፦ ግማሹን አገኘኸው። የቀደመው ጽሑፍ ይከተላል፣ ፋይሉ ግን አይከተልም። «መልስ» ሲጫን አብዛኞቹ የኢሜይል ፕሮግራሞች ጽሑፉን ይዘው አባሪውን ይተዉታል፤ የምትመልስለት ሰው ፋይሉ አለው ተብሎ ስለሚታሰብ። «አስተላልፍ» ቢባል አባሪውም አብሮ ይሄድ ነበር። ላኪው ለነባሮቹ ሦስቱ መልስ ሲጽፍ ሁለታችሁን አድራሻው ላይ ጨመራችሁ። በእሱ ስክሪን ላይ የቆየው መልእክት ከነፋይሉ ከበላይ ተደርድሮ ስለሚታየው ለናንተ እንደጎደለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። «ከላይ» ያለውም ለዚህ ነው። ለቤዛ ደግሞ አሮጌው ጽሑፍ የመጣው ከታች ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ የኔም ስልክ እንዲሁ አደረገኝ! ቴሌግራም ቡድን ውስጥ አስገቡኝና «ከላይ ያለውን ደንብ አንብቡ» አሉ። ጣቴ እስኪዝል ወደ ላይ ጎተትኩ፤ ባዶ። ስልኩ ተበላሸ ብዬ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ አስነሳሁት። ፎቶዎቼም አብረው ሄዱ።

ምሕረት፦ ውይ ጋሽዬ! ስልክዎ ጤነኛ ነበር። የቡድኑ አስተዳዳሪ የቀድሞው ንግግር ለአዲስ አባል እንዳይታይ መዝጋት ይችላል። የነበሩት ያዩታል፣ እርስዎ ግን ከገቡበት ሰዓት ጀምሮ ያለውን ብቻ ነው የሚያዩት።

ሄኖክ፦ እሺ፣ ሊንክ ይላክና ይለቅ።

ምሕረት፦ ሊንክም የራሱ ጣጣ አለው። ፈቃድ ያልተሰጠው ሰው ሲከፍተው በሩ ላይ ይቆማል። የተፈቀደለትም ቢሆን የሚያየው ፋይሉ አሁን ያለበትን ሁኔታ ነው። ማታ አንድ ሰው አንቀጽ ከጨመረበት የትናንቱ ገጽ 4 ዛሬ ገጽ 5 ሊሆን ይችላል።

ቤዛ፦ አብሮኝ የተጨመረው ልጅ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ሳይጠይቅ የጋራ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ ስሙ የሚመሳሰል ፋይል አገኘ። ገጽ 4 ላይ ሠንጠረዥ አለ፣ ደስ አለውና አስተካክሎ ላከ። የነባሮቹ ሠንጠረዥ ሰባት ረድፍ ነበረው፣ የሱ ስድስት። የቆየ ረቂቅ ነበር ያረመው። ድምሩ አልገጥም ብሎ ነው የተያዘው፤ ሰባተኛው ረድፍ ዜሮ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልነቃ።

ሰላም፦ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ባዶ እጁን የቀረ ሰው ይጠይቃል፤ ተመሳሳይ ነገር ያገኘ ሰው ግን አይጠይቅም።

ሄኖክ፦ ልጁ ቢያንስ ሠርቷል! እናንተ ሰዓቱ እስኪያልፍ ልትጠይቁ ነው?

ምሕረት፦ ጥያቄው አንድ መስመር ከሆነ ሰዓት አይበላም። ግን «አልደረሰኝም» ብቻ ከተባለ ላኪው «ልኬዋለሁ እኮ» ብሎ ይመልስና ሌላ ዙር ይጀመራል። የሚታይሽን ጻፊለት፦ «መልእክትዎ ደርሶኛል፣ አባሪ ግን የለውም። የተጨመርኩት በዚህኛው መልእክት ስለሆነ የቀድሞዎቹ የሉኝም። የፋይሉን ስምና የሠንጠረዡን የመጀመሪያ ረድፍ ይላኩልኝ።» የረድፉ ቃል ከያዝሽው ካልገጠመ ያኔውኑ ታውቂያለሽ።

ሰላም፦ ላኪውስ?

ምሕረት፦ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው RFC 1855 የሚባለው የኢንተርኔት ምግባር መመሪያ ለመልስ ሰጪ ይህንኑ ይመክራል፤ የምትመልስለትን ጽሑፍ አሳጥረህ መጀመሪያ ላይ አስቀምጥ ይላል። ያኔ በውይይት ቡድኖች መልሱ ከዋናው መልእክት ቀድሞ አንባቢ ጋ ሊደርስ ይችል ነበር። እኔ ላኪ ብሆን «ከላይ» የምትለዋን ቃል አውጥቼ በቦታዋ የፋይሉን ስም፣ የተላከበትን ቀንና የሚታረመውን መስመር ራሱን እገለብጥ ነበር።

ሰላም፦ እዚህ ላይ አልስማማም፤ ቢያንስ ሁልጊዜ አይሆንም። አዲስ ሰው በተጨመረ ቁጥር የኋላውን ሁሉ አስተላልፍ ከተባለ፣ ሦስቱ በመሃላቸው ያወሩት ደመወዝም ሐሜትም አብሮ ይሄዳል። አንዳንዱ ፋይል ለአዲሱ ሰው ያልደረሰው እንዳይደርሰው ተብሎ ነው።

ምሕረት፦ እውነት ነው። ያኔ መስመሩን ብቻ መገልበጥ ነው… መስመሩ ራሱ ምስጢር ካልሆነ።

ሄኖክ፦ ከሆነስ?

ምሕረት፦ ታዲያ እንዲያርመው ለምን ጠየቁት?

ጋሽ ታደሰ፦ ይቅርታ፣ የኔ ፎቶዎች ግን አይመለሱም ማለት ነው?

ቤዛ፦ ጋሽ ታደሰ፣ ለብቻ እደውልልዎታለሁ። እኔ አሁን ያችን መስመር ጽፌ ላክሁ። ላኪው «ከታች አያይዣለሁ» ብሎ መለሰልኝ። አሁንም አባሪ የለውም።