ከላይ በተነሳ ፎቶ አናቴ ሳስቶ አየሁት፤ ጤነኛ ነው?

ናቲ27፦ 27 ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ዕለት ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ሳስር ታናሽ እህቴ ከላይ ፎቶ አነሳችኝና ሳየው ደነገጥኩ። አናቴ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቦታ ቆዳው ያበራል። ከግንባሬም ግራና ቀኙ ገባ ገባ ብሏል። ፎቶውን እዚህ መለጠፍ ስለማልፈልግ በቃላት እንዴት ልግለጸው? የቱ ኖርማል ነው፣ የቱስ የመሳሳት ምልክት? አባቴ መላጣ ነው።

የቀበና ልጅ፦ አይዞህ፣ የአባትህን ተወው። ፀጉር የሚወረሰው ከእናት ወገን ነው። የእናትህ አባት ፀጉር ከነበራቸው ተገላገልክ። ደግሞ ኮፍያ ታበዛለህ? ኮፍያ ጭንቅላት ላይ ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል፤ ያ ነው የሚያሳሳው።

ሲስተር ዘ፦ የቆዳ ክፍል ነርስ ነኝ። ኮፍያውን እንተወው፣ ፀጉር አያሳሳም። በእናት በኩል የሚመጣው ትልቅ ድርሻ እንዳለው እውነት ነው፤ ግን ከአባትም ይወረሳል። አያትህ ፀጉራም ስለነበሩ ብቻ አትተኛ።

ናቲ፣ ከሁሉም በፊት ፎቶው በምን ብርሃን እንደተነሳ ንገረኝ። አምፖል በቀጥታ አናትህ ላይ ከነበረ፣ ፍላሽ ከበራ ወይ ፀጉርህ እርጥብ ከነበረ የማንም አናት ያበራል። እርጥብ ፀጉር ተጣብቆ ክር ክር ስለሚል ቆዳውን ያሳያል። አጭር ከተቆረጥክ ደግሞ ይብሳል።

አናት ላይ ሁላችንም ፀጉር እንደ ውሃ አዙሪት የሚዞርበት ቦታ አለን። አንዳንዱ ሰው እንዲያውም ሁለት አለው። የአዙሪቱ መሃል ላይ ፀጉሩ ወደየአቅጣጫው ስለሚሄድ ቆዳ መታየቱ ያለ ነው። ጤነኛው ነጥብ ወይ አጭር ጭረት ይመስላል፣ ዙሪያው ያለው ፀጉርም እንደሌላው ቦታ ወፍራም ነው። የሚሳሳው ግን የለየለት ጠርዝ የለውም። መሃሉ ሰፋ ይልና እያደር ወደ ዙሪያው ይደበዝዛል፤ ዙሪያው ያለው ፀጉርም ቀጭንና አጭር ይሆናል። ጠርዙ እንደ ተቆረጠ ክብ ሆኖ ውስጡ ልስልስ ካለ ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ላሽ የሚለው። ለዚያ ፎቶ እያነሱ መጠበቅ ሳይሆን ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ግንባርህን ከላይ በተነሳ ፎቶ አትፍረድበት። መስታወት ፊት ቁምና ቅንድብህን ወደ ላይ ሳብ አድርግ። ከሚሸበሸበው መስመር የላይኛውን ያዝ። የልጅ ፀጉር እዚያው መስመር ላይ ይጀምራል። ከ17 ዓመት ገደማ እስከ ሃያዎቹ መጨረሻ ድረስ የብዙ ወንድ ፀጉር ከዚያ አንድ ጣት፣ አንድ ጣት ተኩል ወደ ላይ ይሸሻል፤ ማዕዘኖቹም ትንሽ ገባ ይላሉ። ይህ ጉልምስና ነው፣ መላጣ አይደለም። ሐኪሞች ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው፣ ኖርውድ በ1975 ባሻሻለው የመላጣ ደረጃ ሥዕል ሲያወዳድሩ ይህን ከታችኞቹ ደረጃዎች ውስጥ ነው የሚከቱት። የሚያሳስበው ማዕዘኑ ጠልቆ መሃሉን እንደ ምላስ ለብቻው ሲያስቀረው፣ ወይም የግንባሩ መሸሽና የአናቱ መሳሳት አንድ ላይ ሲመጡ ነው።

ሀና ከሪያድ፦ እኔንም እንዲሁ ከጆሮዬ በላይ ጠርዙ ሳስቷል። ሹሩባ ጠበቅ አድርጌ ነበር የምሠራው፣ በላዩ ላይ ዊግ። ሲስተር፣ ይሄም ጉልምስና ነው?

ሲስተር ዘ፦ አይደለም ሀንዬ፣ ያንቺ መጎተት ነው የሚመስለው። ጠርዙ ላይ ቀጫጭን ለስላሳ ፀጉሮች እንደ ጥለት ተሰልፈው ቀርተው ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው። ሹሩባውን አላልተሽ፣ ዊጉን ተይው። ቶሎ ከተተወ ይመለሳል። ቆዳው ካበራና የፀጉር ቀዳዳ ካልታየበት ግን ላይመለስ ይችላልና ሳትዘገዪ ታዪ። አናትሽን የሚያቃጥልሽ ወይ ሲነካ የሚያምሽ ከሆነም እንደዚሁ።

ባለ መቀሱ፦ እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሰው የማይጠይቀውን ልጠይቅህ፤ መቼ ነው ላይን ያስወጣኸው? ግንባሩን ቀጥ ለማድረግ በምላጭ ትንሽ ትንሽ እየተገፋ ስንቱ ማዕዘኑን ያጣል። አንዱ ደንበኛዬ ሌላ ቦታ ይቆረጥ ነበርና ፀጉሬ ሸሸ ብሎ መጣ። ሁለት ሳምንት ማሽን አታስነካ አልኩት። ሲመለስ በጣቴ ዳሰስኩት፤ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይኮሰኩሳል። ጥቁር ነጥብ ነጥብ ሞልቶታል። ፀጉሩ አልሸሸም፣ ተላጭቶ ነበር እንጂ። ከዳሰስከው ለስላሳ ሆኖ የሕፃን ፀጉር የሚመስል ብቻ ካለበት ግን የእውነት ሸሽቷል።

ናቲ27፦ ይኸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ፎቶ ማታ ነው የተነሳው፣ መብራቱ ልክ ከጭንቅላቴ በላይ ነበር። አሁን በቀን መስኮት አጠገብ፣ ፀጉሬ ደርቆ፣ ያለ ፍላሽ እህቴ ሦስት አነሳችኝ፤ ግንባሬን፣ አናቴንና ማጅራቴን። ግንባሬ ከሽብሽቡ አንድ ጣት ተኩል ነው። የቀኙ ማዕዘን ከግራው ይጠልቃል፤ ስዳስሰው ግን ይኮሰኩሳል። ባለ መቀሱ ልክ ነህ፣ ላይን ሳስወጣ ቀኙን ነው የገፋብኝ።

አናቴ ላይ ሳንቲም የነበረው አሁን ከጥፍሬ ያንሳል። ነገር ግን እህቴ ከአዙሪቱ ጠርዝ አሥር፣ ከማጅራቴ አሥር ፀጉር በመቀስ ቆርጣ ነጭ ወረቀት ላይ ደረደረችው። የማጅራቴ አሥሩም አንድ ዓይነት ናቸው። ከአናቴ ሦስቱ በግልጽ ቀጭን ናቸው። ሚኖክሲዲል የሚባለውን የፀጉር መድኃኒት ልጀምር?

የቀበና ልጅ፦ ሦስት ፀጉር ብሎ ነገር! ወንድሜ፣ ሰው ሥራ ፈታ።

ሲስተር ዘ፦ ሥራ መፍታት አይደለም፣ እህትህን አመስግንልኝ። ከማጅራት ጋር ማወዳደሩ ትክክል ነው፤ ይህ ዓይነቱ መሳሳት ማጅራትን ብዙ ጊዜ አይነካም። ሐኪም በሚያጎላ መነጽር ሲያይ ከአምስት ፀጉር ከአንድ በላይ ከቀጠነ ይጠረጥራል። ያንተ ከአሥር ሦስት ነው። ግን አሥር ፀጉር በጣም ትንሽ ነው፣ ዓይንም ይሳሳታል። ግንባርህን ኖርማል ብዬ እተወዋለሁ። አናትህን ግን ጤነኛ ነው አልልህም፣ ታሟል አልልህም።

ሚኖክሲዲሉን ሳትታይ አትጀምር። መጀመሪያ ላይ ራሱ ለጥቂት ሳምንት ፀጉር ያረግፋል፣ ውጤቱን ለማየት ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል። መነሻህን ሳታውቅ ከጀመርክ ምን እንዳመጣ ምን እንዳጠፋ አይለይህም። የቆዳ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዝ። ወረፋው ከረዘመ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት፣ ፀጉርህን በዚያው ቁጥር ማሽን ተቆርጠህ ያኔ የቆየኸውን ያህል ቀን ቆይተህ፣ በሦስተኛው ወር ፎቶውን ድገመው። የድሮ ፎቶ ካለህም ይዘህ ሂድ፣ እንዲያውም እሱ ይበልጣል።

ባለ መቀሱ፦ እኔ ግን አዙሪቱ ብቻ ነው እላለሁ። እንዲህ ያለ አናት በቀን አምስት አያለሁ።

ናቲ27፦ ቀጠሮው የዛሬ ወር ነው። የድሮ ፎቶዬን ፈለግኩ። የ12ኛ ክፍል አለኝ፣ ፊት ለፊት ነው፤ ግንባሬ ያኔም ብዙ አይለይም። ከላይ የሚያሳይ አንድም የለም። የምረቃው ላይ ደግሞ ቆብ አድርጌያለሁ።