ጨለማ ቦታ ስገባ ስክሪኑ ለምን ይርገበገባል?

የአዳማ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለቤቱ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስን ከ27 ኢንች ሞኒተር ጋር በኤችዲኤምአይ አገናኝቼ ነው የምጫወተው። ኮንሶሉ 120 ኸርዝ ላይ ነው፣ ቪአርአርም በርቷል፣ ፓነሉ ቪኤ ነው። የቀን ብርሃን ባለበት ሜዳ ላይ ምንም የለበትም። ዋሻ ወይም ሌሊት ውስጥ ስገባ ግን ጥቁሩ ግራጫ ይሆንና ይመለሳል፣ ግራጫ ይሆንና ይመለሳል። ጌሙ ሎድ ሲያደርግ ደግሞ ይብሳል። ተበላሽቶ ነው?

ጋሽ ስታቢላይዘር፦ ልጄ፣ ይሄ መብራት ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲሰካ ቮልቴጅ ይወርዳል። ስታቢላይዘር ግዛና ትገላገላለህ።

የአዳማ ልጅ፦ ጋሼ፣ ስታቢላይዘር አለኝ። ቀን በ8 ሰዓትም ያው ነው፣ አምፖሉም ንቅንቅ አይልም።

ጌም ቤት ሐዋሳ፦ እኔም ጋ አለ! አንዱ ስክሪኔ ድንገት ድርግም ብሎ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይመለሳል። ኬብል ነው፣ ቀይር።

ሞኒተር ጠጋኝ፦ ጌም ቤት፣ ያንተ ሌላ በሽታ ነው። ምስሉ ጭራሽ ጠፍቶ ከተመለሰ ወይም ነጭ ነጠብጣብ ከረጨ ኬብል ይጠረጠራል። የእሱ ምስል አልጠፋም፣ ብርሃኑ ነው ከፍ ዝቅ የሚለው። ኬብል ደግሞ ዋሻና ሜዳ አይለይም።

የአዳማው፣ ቪአርአር ሲበራ ሞኒተሩ በራሱ ሰዓት መሄዱን ትቶ ኮንሶሉ ፍሬም እስኪያደርስለት ይጠብቃል። ሆኖም የሚጠብቅበት ወለል አለው፤ ብዙዎቹ ላይ 48 ኸርዝ ነው። ጌምህ በሰከንድ 50 ፍሬም ሲሰጥ ስክሪኑም 50 ጊዜ ይታደሳል፣ አንዱ ምስል 20 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ዋሻው ከብዶት 46 ላይ ሲወርድ ግን ከወለሉ በታች ስለሆነ እያንዳንዱ ፍሬም ሁለት ሁለቴ ይታያል፣ 92 ኸርዝ ማለት ነው። የቆይታው ጊዜ ድንገት ወደ 11 ሚሊሰከንድ ገደማ አጠረ። ጌሙ የወረደው 4 ፍሬም ብቻ ነው፣ ስክሪኑ ግን ከ50 ወደ 92 ዘለለ። መልሶ ወደ 50 ሲወጣ ደግሞ ተመልሶ ይወድቃል።

ይህ ከብርሃን ጋር ምን አገናኘው? ፒክስሉ የተሰጠውን ቻርጅ እስከሚቀጥለው እድሳት ይዞ መቆየት አለበት፣ እሱም ቀስ እያለ ይፈስሳል። ቆይታው ሲረዝምና ሲያጥር የፈሰሰው መጠን ስለሚለያይ ብርሃኑም ይለያያል። ሜዳው ላይም ልዩነቱ አለ፣ ዓይንህ አያየውም እንጂ። ጥቁር ላይ ግን ብርሃኑ ራሱ እፍኝ ስለማይሞላ ትንሿም ለውጥ ትታያለች። ሎዲንግ ላይ የሚብሰው ፍሬሙ አንዴ ቆሞ አንዴ ስለሚሮጥ ነው።

ለማረጋገጥ የሞኒተሩን የራሱን ሜኑ ክፈትና የሪፍሬሽ ሬቱን ቁጥር እያየህ ዋሻው ውስጥ ቁም። ከዚያ ይህችን አጥፍተህ ድገመው፦

```
Settings > General > TV & display options
> Video modes > Allow variable refresh rate
```

የአዳማ ልጅ፦ አየሁት! 51፣ 94፣ 50፣ 92 እያለ ይጨፍራል፤ በዘለለ ቁጥር ጥቁሩ ይነጣል። ሳጠፋው መርገብገቡ ቆመ፣ ግን ካሜራውን ሳዞር ምስሉ ይንገጫገጫል።

ፒሲ ወዳጅ፦ የቪኤ ጣጣ ነው። ሸጠህ ኦሌድ ግዛ፣ ያርፍልሃል።

ሞኒተር ጠጋኝ፦ ግማሹ እውነት ነው፣ ቪኤ ከአይፒኤስ ይብሳል። ኦሌድ ግን ከዚህ ነፃ አይደለም፣ ለጥቁር ቅርብ የሆነው ግራጫ ላይ እሱም በደንብ ይርገበገባል። ብር ከማውጣትህ በፊት ቪአርአሩን መልሰህ አብራና የጌሙን ሜኑ እይ። Performance የሚል ካለው እሱን ምረጥ፣ 60 አካባቢ ከረጋ ወለሉን አይነካም። ከሌለው ኮንሶሉን 60 ኸርዝ ላይ አድርገው፤ 46 እጥፍ ሆኖ 92 የሚሄድበት ቦታ ስለማያገኝ ዝላዩ ይቀራል። ዋጋው ከ48 በታች ሲወርድ መንገጫገጩን መቀበል ነው። VRR Control የሚል ነገር ሞኒተርህ ላይ ካለም አብራው፣ ዝላዩን ያለዝባል፤ ትእዛዝህ ግን ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። እኔ ለኳስ ጌም አላበራውም።

ጌም ቤት ሐዋሳ፦ የኔ ስክሪኖች ሁሉም 60 ናቸው፣ ለዚህ ነው ደንበኛ ያላማረረኝ ማለት ነው?

ሞኒተር ጠጋኝ፦ ምናልባት። ቪአርአር ራሱ መብራቱን ግን አላውቅም፣ ቼክ አድርግ።

የአዳማ ልጅ፦ Performance አደረግኩት፣ ዋሻው ፀጥ አለ። VRR Control የሚባል ሜኑዬ ላይ የለም። ሎዲንግ ላይ ግን አሁንም ሁለት ሦስቴ ብልጭ ይላል።

ሞኒተር ጠጋኝ፦ እሱ ቪአርአር እስካለ ይኖራል። ከሌላ ሞኒተር ጋር አጠገብ ለአጠገብ ሳላየው፣ ያንተ ከጓደኞቹ ይብሳል ወይ የሚለውን ግን መናገር አልችልም።

ጋሽ ስታቢላይዘር፦ ስታቢላይዘሩን ግን እንዳትነቅለው።